ከአጨዳ እስከ ዘር፦ በሦስት ዓመት ስህተት የተማርኩት በግ የማድለብ ሥራ

የማርሰው መሬት ከኮምቦልቻ ከተማ ወጣ ብሎ በቃሉ ወረዳ ይገኛል። የምዘራው ማሽላ፣ ጤፍና በመጠኑም ማሾ ነው። ጤፉ ታጭዶ፣ ማሽላው ተቆርጦና ተወቅቶ በታኅሣሥ መጨረሻ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ የሚያዝያ ዝናብ መጥቶ ማሽላ እስኪዘራ ድረስ ከሦስት ወር በላይ በሬዎቼም እኔም ሥራ እንፈታለን። ለብዙ ዓመታት ይህን ጊዜ የማሳልፈው ከተማ ገብቼ በግንባታ ሥራና በጭነት ማውረድ ነበር። የቀን ገቢው ለምሳና ለትራንስፖርት ይውልና ማታ የምመለሰው ትንሽ ገንዘብና የተሰበረ ወገብ ይዤ ነበር። ጭዱ ደግሞ ቤት ተከምሮ የዋጋው ግማሽ ለማይሞላ ገንዘብ ለነጋዴ ይሸጣል። ጭድ ያለው ሰው ጭዱን በርካሽ ሸጦ ጉልበቱንም በርካሽ መሸጡ ስህተት መሆኑን ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። በግ ገዝተን እናድልብ ያለችውም እርሷ ናት። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ያበላሸሁት አፈጻጸሙን ነው። ሌላ ገበሬ በእኔ መንገድ ገብቶ እንዳይከስር የሆነውን ሁሉ እንደነበረ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት በ2015 ዓ.ም. ነው። ማሽላ ሸጬ እጄ ላይ ብር ስለነበረ አልታገሥኩም፤ ከገና ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገበያ ወጥቼ ስምንት በግ ገዛሁ። ገበያው ሞቅ ያለ መሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር። ገበያ የሚሞቀው ዋጋ ሲወደድ መሆኑን፣ እኔም ሌላው ሰው ለበዓል በሚገዛበት ዋጋ ለማድለብ እየገዛሁ መሆኔን አላሰብኩም። ከስምንቱ ሦስቱ አካላቸው ትልቅ ስለሆነ የመረጥኳቸው ነበሩ፤ በኋላ አፋቸውን ስናይ ጥርሳቸው ያለቀ አሮጌዎች ሆነው ተገኙ። አሮጌ በግ የሚበላውን ይበላል እንጂ ሥጋ አይጨምርም።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ የከፋ ነበር። ወፍ የበላውና ለሽያጭ ያልበቃ ማሽላ ስለነበረኝ ቶሎ ይወፍሩ ብዬ ከክቼ ፉርሽካ ቀላቅዬበት በገቡ በሁለተኛው ቀን ገንዳ ሙሉ አቀረብኩላቸው። የተራቡ ስለነበሩ ተሻምተው ጨረሱት። በማግስቱ ሁለቱ ከሌሎቹ ተለይተው ቆሙ፤ አያመሰኩም፣ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ፣ የግራ ጎናቸው ተነፍቷል፣ ተቅማጣቸው ውሃ ሆኖ የኮመጠጠ ሽታ አለው። እኔ ሰው በዐይኑ አይቷቸው ነው ብዬ ግማሽ ቀን አባከንኩ። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነችው ወጣት ስትደርስ አንዱ ሞቶ ነበር፤ ሌላውም ሳይነጋ ተከተለው።

ባለሙያዋ ገንዳው ሥር የቀረውን ክክ በእጇ አፍሳ፣ «ይህንን ስንት ቀን አለማመዷቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ትናንት ነው የጀመርኩት» አልኳት። እርሷም እንዲህ አለችኝ፦ «በግ ሣርና ጭድ የሚፈጭለት በሆዱ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። እህል ድንገት ሲገባ ሆዱ ውስጥ ይቦካና አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ እነዚያን ነፍሳት ይገድላቸዋል፤ ከዚያ በጉም ይሞታል። በሽታ አይደለም፣ ችኮላ ነው።» ከንግግሯ ውስጥ የመጨረሻዋ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

በቀሩት ስድስት በጎች ቀጠልኩ። ሦስተኛው ስህተት የመጣው በመጋቢት ነው። የመኖ ሒሳብ ስላልሠራሁ ፉርሽካው አለቀ፤ ጭዱንም በሬዎቹ ይፈልጉታል። ስለዚህ በዐቢይ ጾም መካከል ለመሸጥ ተገደድኩ። የክርስቲያኑ ቤት በሙሉ ከሥጋ በተለየበት ወቅት በግ ይዞ ገበያ መቆም ምን እንደሚመስል ያልሞከረው አይገባውም። በመጨረሻ ከገዛሁበት ብዙ ባልተሻለ ዋጋ ሸጥኳቸው፤ የሞቱት ሁለቱና መኖው ሙሉ በሙሉ ኪሳራ ሆነ።

በዚያ ቀን ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ የበግ ነጋዴ አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ አንተ በግ ነው የምታደልበው ወይስ ጭንቀት?» አሉኝ። ያዘንኩትን ነገርኳቸው። እርሳቸውም አሥራ አንድ ዓመት ለበግ ብለው ባቲ ሲመላለሱ ያወቁትን ባጭሩ አስቀመጡልኝ፦ «ማንም ሰው በግ ይቀልባል። ትርፉ ያለው ግን ሰው በማይፈልግበት ቀን ገዝቶ ሰው በሚፈልግበት ቀን መሸጡ ላይ ነው። አንተ ተገላቢጦሽ ነው የሠራኸው።» ነገሩን ቀለል አድርገው የተናገሩ መስሎኝ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በደብተር ሳሰላው ግን ቃላቸው በቁጥር እውነት ሆኖ አገኘሁት። ወደዚያው እመጣለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ራሴን ለመፈተን አራት ብቻ ገዛሁ። በበጎቹ ላይ ችግር አልደረሰም፤ ችግሩ የመጣው ከበዓሉ ቀን ነው። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፤ በ2015 ሚያዝያ 8 የዋለው በ2016 ሚያዝያ 27 ዋለ። ዝናቡ ቀድሞ ስለመጣ እኔ ማሽላ ለመዝራት በሬ ጠምጄ ሳለሁ በጎቹ ገና ቤት ነበሩ። ባለቤቴና ልጄ ናቸው እስከ መጨረሻው የያዟቸው። ትርፉ ጥቂት ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ አዲስ ዓመት ሲገባ በመጀመሪያ የማየው የፋሲካን ቀን ነው። ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት በግ ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም፤ ወይም ከዘር ጋር እንዳይጋጭ ቁጥሩን መቀነስ ይገባል።

እንግዲህ በደንብ የሠራልኝ ዓመት 2017 ነው፤ እርሱን በዝርዝር ልንገራችሁ።

በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ይውል ነበር። በጎቹ ለ75 ቀን ያህል እንዲቀለቡ ስለፈለግሁ ከሚያዝያ 11 ወደ ኋላ ቆጠርኩና ጥር 26 ላይ ደረስኩ። ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ የባቲ ገበያ የሚቆመውም ሰኞ ነው። በዚያ ጊዜ ገናም ጥምቀትም አልፈዋል፤ ለበዓል የሚገዛው ሰው ከገበያው ወጥቷል። ጾሙ የካቲት 17 እስኪገባ ብጠብቅ ዋጋው ከዚያም ሊወርድ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሚቀረኝ የጾሙ 55 ቀን ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ሳምንት ደግሞ ማለማመጃ ነው። ስለዚህ ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ቀደም ብሎ መግዛቱን መረጥኩ። ጭድ የሌለውና ሁሉንም መኖ በገንዘብ የሚገዛ ሰው ግን ጾም ሲገባ ገዝቶ በአጭር ጊዜ ቢያወጣ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሆን፣ ከቆላው የአፋር በግ፣ ከደጋው ደግሞ የወሎ በግ የሚገናኙባት ገበያ ናት። የአፋሩ በግ ፀጉሩ አጭር፣ ላቱ ሰፊ ነው፤ ሙቀት ይችላል። የደጋው በግ ፀጉራምና አነስ ያለ ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት ሁለቱንም ሞክሬአለሁ፤ የደጋው ጥላ ካላገኘ በቀትር እያለከለከ መብላት ያቆማል። ስለዚህ የከብት ማደሪያችሁ የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ከሆነ ይህን አስቡበት።

በግ ስገዛ ከአካሉ በፊት አፉን እከፍታለሁ። የፊት ጥርሱ በሙሉ የወተት ጥርስ የሆነ ወይም ሁለት ትልልቅ ቋሚ ጥርስ ያወጣ፣ ማለትም አንድ ዓመት አካባቢ ወይም ትንሽ የዘለለ፣ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ቀጥሎ የዐይኑን የታችኛ ሽፋን ገልበጥ አደርጋለሁ፤ ውስጡ ቀላ ካለ ደህና ነው፣ ከነጣ ትል ደሙን እየመጠጠው ነው። ከመንጋጭላው ሥር ውሃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ካለ ጭራሽ አልነካውም። ከዚያ ወገቡን በጣቴ እዳስሳለሁ፤ የምፈልገው አጥንቱ ተሰምቶኝ አቋሙ ግን ረጅምና ሰፊ የሆነውን ነው፤ ምክንያቱም ከስቶ አጥንተ ትልቅ የሆነ በግ ሥጋ የሚይዝበት ቦታ አለው። ጥቁር በግ ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል፤ ነገር ግን ለፋሲካ ሲወጣም ያው ረከስ ስለሚል ነጭ፣ ቀይ ወይም ቡራቡሬ ብትይዙ ይሻላል። ሌላው የማሳስበው ሙክትን የሚመለከት ነው። ደንበኛ ሙክት ይወዳል፤ ሆኖም በግ ገዝቶ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ማኮላሸት ቁስሉ እስኪድን ያከሳዋል እንጂ አያወፍረውም። ሙክት ከፈለጋችሁ ተኮላሽቶ የዳነውን ግዙ።

አሥር በግ በአማካይ በ6,000 ብር ገዛሁ፤ በጠቅላላው 60,000 ብር። ቤት ሲደርሱ ከራሴ በጎች ጋር አልቀላቀልኳቸውም። ከገበያ የመጣ በግ ሳልና ፈንጣጣ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ሁለት ሳምንት ለብቻቸው በአጥር ከልዬ አቆየኋቸው። ባለሙያዋ የውስጥ ትል መድኃኒት በክብደታቸው ልክ ሰጠቻቸው፤ ክትባትም ወጋቻቸው። ትል ያለበትን በግ መቀለብ ትሉን መቀለብ ስለሆነ ይህ ሥራ መሠራት ያለበት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በመጨረሻው ሳምንት መድኃኒት መስጠት ደግሞ ሌላ ጥፋት አለው፤ የመድኃኒቱ ቅሪት ከሥጋው ሳይወጣ በጉ ይታረዳል።

አሁን ወደ መኖው ልምጣ። ዋናው ቀለብ የጤፍና የማሾ ጭድ ነበር፤ በላዩ ላይ ከኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካዎች የሚወጣውን ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ጨመርኩ። ፉርሽካው ጉልበት ይሰጣል፤ ፋጉሎው ሥጋ ይገነባል። መጠኑም ሦስት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ ፋጉሎ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ጭድና ውሃ ብቻ ከአንድ እፍኝ ፉርሽካ ጋር ሰጠኋቸው። ከዚያ በየሦስት ቀኑ ለአንድ በግ 50 ግራም ያህል እየጨመርኩ በሃያኛው ቀን አካባቢ 400 ግራም አደረስኩት፤ ከዚያ በላይ አላለፍኩም። በየቀኑ መመዘን ስለማይመች አንድ ጊዜ በሚዛን ለክቼ በጣሳ ላይ በምስማር ምልክት ጫርኩበት። የዕለቱን ድርሻ ለሁለት ከፍዬ ጠዋትና ማታ የማቀርበው ጭድ ከቀመሱ በኋላ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ ፉርሽካ አይሰጥም።

ሆዳቸው መቀበሉን የሚነግረኝ ፋንድያቸው ነበር። ጠጠር ጠጠር እያለ ከወረደ ደህና ነው። ላላ ብሎ ከተጣበቀ ፉርሽካውን ለሁለት ቀን በግማሽ እቀንስና ጭዱን እጨምራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ይህችን ብቻ ባውቅ ኖሮ ሁለቱ በጎች ባልሞቱ ነበር።

ስለ ፉርሽካ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ፉርሽካ ብቻውን በብዛት ለወንድ በግ ሲሰጥ በሽንት ቧንቧው ውስጥ ጠጠር ሊፈጥር ይችላል፤ ፎስፈረስ ስለሚበዛበትና ካልሲየም ስለሚያንሰው ነው። በጉ ሽንቱን ለመሽናት ደጋግሞ ያምጣል፣ ጠብ ጠብ ብቻ ይላል፣ ጅራቱን ያወናጭፋል። ይህን ያየ ሰው ለነገ ማለት የለበትም። እኔ የማሾ ጭድ የምቀላቅለው ለዚህ ጭምር ነው፤ የጥራጥሬ ጭድ ካልሲየም አለው። ጨው ሁልጊዜ እንዲልሱ አስቀምጣለሁ፤ ጨው ውሃ ያስጠጣል፣ ውሃ ደግሞ ቧንቧውን ያጥባል። ንጹሕ ውሃ ከፊታቸው አይጠፋም።

ገንዳውን ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሠርቼ ከመሬት ከፍ አደረግሁት። መሬት ላይ የተበተነ መኖ ከፋንድያ ጋር ተቀላቅሎ ትሉን መልሶ ያስገባል፤ ግማሹም ተረጋግጦ ይባክናል። የማሽላ አገዳም ሞክሬ ነበር፤ በግ ቅጠሉን ለቅሞ ግንዱን ይተወዋል፤ ስለዚህ አገዳውን ለበሬዎቹ ተውኩት።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ተንጠልጣይ ሚዛን ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ጠዋት ሳይበሉ በጎቹን በጆንያ አንጠልጥዬ እመዝንና በደብተር እጽፋለሁ። ዐይን ያታልላል፤ በየቀኑ የምታየውን በግ መወፈሩንም መክሳቱንም አትለይም። በ30ኛው ቀን ዘጠኙ ከሁለት ኪሎ በላይ ሲጨምሩ አንዱ ግማሽ ኪሎ ብቻ ጨምሮ አገኘሁት። መጀመሪያ ታሟል ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ማታ ማታ ቆማ ስታያቸው ሁለት ጉልበተኞች ከገንዳው እየገፉት መሆኑን ደረሰችበት። ለብቻው አስረን ስንቀልበው በቀጣዩ ወር ተካክሎ ደረሰ። ሚዛን ባይኖር ይህን የምናውቀው ገበያ ላይ ነበር።

በጎቹ ሲገቡ በአማካይ 21 ኪሎ ነበሩ፤ ሲወጡ 27 ኪሎ ሆኑ። በቀን 80 ግራም ማለት ነው። ይህ ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም፤ በጭድና በፉርሽካ በእኛ አገር በግ ከዚህ እጥፍ አገኛለሁ የሚላችሁን ሰው ሚዛኑን አሳየኝ በሉት።

ወጪው እንዲህ ነበር። ፉርሽካ ሁለት ኩንታል 5,200 ብር፣ ፋጉሎ 70 ኪሎ 3,150 ብር፣ ጨው 200 ብር፣ መድኃኒትና ክትባት 600 ብር፣ ማጓጓዣ 1,500 ብር፣ የገበያ ቀረጥ 500 ብር፤ ድምሩ 11,150 ብር። ከበጎቹ ዋጋ ጋር 71,150 ብር ወጣ። ስምንቱ ለፋሲካ በአማካይ 9,500 ብር፣ ሁለቱ በኋላ በ8,200 ብር ተሸጡ፤ በጠቅላላው 92,400 ብር ገባ። የቀረልኝ 21,250 ብር ነው። በዚህ ውስጥ የራሴን ጭድና የእኛን ጉልበት አልቆጠርኩም፤ እናንተ ስታሰሉ ጭዱን ብትሸጡት የሚያወጣውን ዋጋ ቀንሱ።

አሁን የሽማግሌውን ነጋዴ ነገር በቁጥር እንየው። በገዛሁበት ቀን አንድ ኪሎ የቁም ክብደት ወደ 286 ብር ነበር፤ በሸጥኩበት ቀን በአማካይ 342 ብር ገደማ ሆነ። ከአንድ በግ ላይ የጨመረው 3,240 ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 1,700 ያህሉ የመጣው ከስድስቱ ኪሎ ሥጋ ነው፤ ቀሪው 1,500 ያህሉ የመጣው በበዓሉ ምክንያት ኪሎው ስለተወደደ ነው። ለአንድ በግ ያወጣሁት የመኖና የሌላ ወጪ ደግሞ 1,115 ብር ነበር። ስለዚህ በዓል ባይኖር ኖሮ ከሥጋው ጭማሪ ላይ ወጪው ሲነሳ በአንድ በግ የሚቀረኝ 600 ብር ገደማ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በውድ ገዝቼ በጾም ስሸጥ ለምን እንደከሰርኩ በዚህ ሒሳብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዋጋው በየዓመቱ ስለሚለወጥ የእኔን ቁጥር አትውሰዱ፤ ስሌቱን ውሰዱና የራሳችሁን ዋጋ አስገቡበት።

ሽያጩ ላይም አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። አምስቱን ቀደም ብዬ ኮምቦልቻ ለሚሠሩ የማውቃቸው ሰዎች በስልክ ነግሬ ቤት ድረስ መጥተው መርጠው ወሰዱ፤ ይህ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው፤ ድለላ የለ፣ ቀረጥ የለ፣ በጉም በመኪና ተንገላትቶ አይከሳም። የቀሩትን አምስቱን ገበያ አወጣሁ። ሐሙስና ዓርብ ዕለት ሦስቱ ጥሩ ዋጋ አወጡ። ለሁለቱ ቅዳሜ ጠዋት 9,300 ብር ተሰጥቶኝ፣ በበዓል ዋዜማ ይጨምራል ብዬ በ10,000 ብር ድርቅ አልኩ። ከቀትር በኋላ ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች የቀራቸውን ይዘው ላለመመለስ ዋጋ ሲሰብሩ ገበያው በአንድ ሰዓት ውስጥ ወረደ። ሁለቱን ይዤ ተመልሼ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለሠርግ ፈላጊ ሰጠኋቸው። የቅዳሜ ጠዋትን ዋጋ አትለፉ።

በዚያው ቅዳሜ አጠገቤ የነበረ ሰው በጎቹን ሌሊት ጨው አብልቶ ጠዋት ውሃ በማስጠጣት ጎናቸው ሞልቶ እንዲታይ አድርጎ ነበር። እኔ አልወደውም፤ ነውር ከመሆኑም በላይ ሥራውን የሚያውቅ ገዢ ጎኑን ሳይሆን ወገቡንና ላቱን ነው የሚጨብጠው።

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ብዙ ሰው ለምን ለአረፋ አታደርስም ይለኛል። አረፋ በእኛ አካባቢ እንዲያውም ትልቅ ገበያ ነው። ነገር ግን በ2015 ሰኔ 21፣ በ2016 ሰኔ 9፣ በ2017 ግንቦት 29 ነበር የዋለው፤ ሁሉም ከእርሻ ጋር ይጋጫል፤ ጭዱም በዚያን ጊዜ አልቋል። በጨረቃ አቆጣጠር በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ ግን በ2020 ዓ.ም. አረፋ ወደ ሚያዝያ መጨረሻ ይጠጋል፤ ያኔ ነገሩ ይለወጣል። ለአረፋ የምታዘጋጁ ከሆነ ከውፍረቱ በፊት ጤንነቱን ጠብቁ፤ ለኡድሂያ የሚታረድ በግ አንካሳ፣ ዐይነ ስውር ወይም የታመመ መሆን የለበትም፤ ዕድሜውም የደረሰ ይሁን። ስለዚህ ገመድ እግሩን እንዳይቆርጠው፣ በጎቹም እርስ በርስ እንዳይጎዳዱ መጠበቅ የሥራው አካል ነው።

ስንት በግ ልያዝ ለሚል ሰው መልሱ በብሩ ልክ አይደለም፤ በጭዱ ልክ ነው። አንድ በግ በቀን 700 ግራም ያህል ጭድ ይበላል፤ አሥር በግ በ75 ቀን ከአምስት ኩንታል በላይ ይጨርሳል። ይህ አንድ በሬ ከሚበላው ጋር ይቀራረባል። በሬዎቹ ሚያዝያ ላይ ሲጠመዱ አቅም እንዲኖራቸው መጀመሪያ የእነርሱን ድርሻ ለይቼ በሌላ ክምር አስቀምጣለሁ፤ የተረፈውን ነው ለበግ የማካፍለው። በዚህ ዓመት ማሾው ጥሩ ስለሆነ ጭዱ ለአሥራ ሁለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግን በብድርም ቢሆን አልገዛም።

ይህን የምጽፈው በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ነው። በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሚውል ከዋዜማው 75 ቀን ወደ ኋላ ስቆጥር ጥር 18 ላይ ይደርሳል፤ ዕለቱም ሰኞ ነው። ፉርሽካው ተገዝቶ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ተደርድሯል፤ የቀረኝ ፋጉሎው ነው። ጥር 18 በማለዳ ወደ ባቲ እወርዳለሁ።